መምህሩ ምን ተብሎ ይጠየቅ?

«በደመወዜና በርዕሰ መምህሬ አመራር ደስተኛ ነኝ።» ስለ መምህራን ተነሳሽነት በሚዘጋጁ መጠይቆች ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ደመወዙ የማይበቃው፣ ርዕሰ መምህሩን ግን የሚያከብር መምህር ምን ብሎ ይመልስ? «እስማማለሁ» ቢል ስለ ደመወዙ ዋሸ፤ «አልስማማም» ቢል አለቃውን በደለ። አጥኚው ደግሞ መልሱ ለየትኛው እንደተሰጠ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጉዳይ ብቻ ይጠይቅ፤ ይኼኛው ለሁለት ይከፈላል።

ከተከፈለም በኋላ ሌላ ችግር ይቀራል። ደስተኛ መሆንና ተነሳሽነት አንድ አይደሉም። በሥራው የረካ መምህር ሳይዘጋጅ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ በኑሮው የተማረረው ደግሞ የደከሙ ተማሪዎችን ለብቻቸው ሲያስረዳ ሊያመሽ ይችላል። ተነሳሽነት የሚታየው ሰው ለሥራው በሚያደርገው ጥረትና ችግር ሲገጥመው በመጽናቱ ነው። «ሙያዬን እወዳለሁ» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ የትኛው መምህር «አልወድም» ብሎ ይጽፋል? ክብርን የሚነካ ጥያቄ መልካም መልስ እንጂ እውነተኛ መልስ አይስብም። ከስሜት ይልቅ የቅርብ ጊዜ ተግባር መጠየቅ ይሻላል፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ትምህርቱ ያልገባቸውን ተማሪዎች ከክፍለ ጊዜ ውጪ ስንት ጊዜ አስረዳሁ?» ምርጫዎቹም «ምንም»፣ «አንድ ጊዜ»፣ «ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ»፣ «አራት ጊዜና ከዚያ በላይ» ይሆናሉ።

ስለ አመለካከት በሚጠይቁት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ግን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሬንሲስ ላይከርት በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው መለኪያ ይሠራል፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ያሉት አምስት ደረጃዎች ናቸው። ላይከርት አንድን ዓረፍተ ነገር ለብቻው አልለካም። ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ነጥባቸው ይደመራል። መሐል ላይ «ለመወሰን እቸገራለሁ» የሚለው ምርጫ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተሞላውን ወረቀት የሚሰበስበው ርዕሰ መምህሩ ከሆነ፣ ስለ አመራር የሚጠይቁት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ መሐሉ ላይ ይከማቻሉ፤ መምህራኑ ሐሳብ ስላጡ ሳይሆን ስለፈሩ ነው። መፍትሔው ደረጃውን መቀያየር አይደለም። ስም የማይጻፍበት ወረቀት በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለአጥኚው ይድረስ።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገርም ያሰናክላል። «ለማስተማር ፍላጎት የለኝም» ለሚለው ፍላጎት ያለው መምህር «አልስማማም» ማለት አለበት፤ ሲቸኩል ግን ያልፈለገውን ይመርጣል። «ለማስተማር ያለኝ ፍላጎት እየቀነሰ ነው» ቢባል ይቀላል። ይህም ቢሆን አቅጣጫው ከሌሎቹ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ከመደመሩ በፊት ነጥቡ ይገለበጣል፦ 5 የነበረው 1፣ 4 የነበረው 2 ይሆናል።

እስካሁን ያለው ሁሉ የጠረጴዛ ሥራ ነው። የሙከራ ጥናት ሲመጣ ነው ወረቀቱ የሚፈተነው። መጀመሪያ አምስት ስድስት መምህራንን ለየብቻ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲመልሱ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ተማሪዎችን ስለማስረዳት የተዘጋጀውን ጥያቄ ይዘን እንሂድ እንበል። አንዷ መምህርት «ምንም» የሚለውን ልትመርጥ ስትል፣ «እኛ ጋ ትምህርቱ በፈረቃ ነው፤ ክፍሉን ቀጣዩ ፈረቃ ይይዘዋል፤ ልጆቹን የት አስቀምጬ ላስረዳ?» ትላለች። ሌላው መምህር ደግሞ «አራት ጊዜና ከዚያ በላይ» ላይ ምልክት አድርጎ፣ ማጠናከሪያ ትምህርቱ በትምህርት ቤቱ ፕሮግራም የወጣ ግዴታ መሆኑን ይነግረናል። ጥያቄው የለካው ተነሳሽነትን ሳይሆን የክፍል እጥረትንና የአለቃ ትእዛዝን ነው ማለት ነው። ተስተካክሎ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ በእረፍት ሰዓትም ሆነ በሌላ ጊዜ፣ ያልገባቸውን ተማሪዎች ስንት ጊዜ አስረዳሁ?» ይሆናል። ይህን ስህተት የትኛውም ስሌት አያሳይም፤ የሚያሳየው ሰው ሲናገር መስማት ብቻ ነው።

ከዚያ መጠይቁ በዋናው ጥናት ውስጥ በሌለ፣ ሁኔታው ግን በሚመሳሰል ትምህርት ቤት ለሠላሳ ያህል መምህራን ይበተናል። ብዙዎች ባዶ የተዉት ጥያቄ አልገባቸውም ወይም አስፈርቷቸዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት የመለሱት ደግሞ መምህርን ከመምህር አይለይም። የአንድ ጉዳይ ዓረፍተ ነገሮች መስማማታቸውን የክሮንባክ አልፋ የተባለው ስሌት ያሳያል፤ ብዙ አጥኚዎች 0.7ና ከዚያ በላይ ሲሆን ይቀበሉታል። ቁጥሩ በጣም ዝቅ ካለ መጀመሪያ መታየት ያለበት ነጥቡ ሳይገለበጥ የቀረ ዓረፍተ ነገር መኖሩ ነው። ከፍ ማለቱ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዱን ሐሳብ በተለያየ አባባል አሥር ጊዜ መጠየቅም ቁጥሩን ያሳድገዋል።

በሙከራው የተሳተፉት መምህራን መልስ ወደ ዋናው ጥናት አይገባም። ጥያቄዎቹ ተቀይረዋል፣ መምህራኑም ቀድመው አይተዋቸዋል።