22 ሲገባ ዛፉ ለምን ያዘነብላል?

በኮምፒውተር ውስጥ ቁጥሮችን በዛፍ መልክ ስናስቀምጥ የሚያንሰው ወደ ግራ፣ የሚበልጠው ወደ ቀኝ ይወርዳል። ችግሩ ቁጥሮቹ ተደርድረው ሲመጡ ነው። ከ1 እስከ 1,000,000 በተራ ብናስገባቸው ሁሉም ወደ ቀኝ ይወርዱና ዛፉ ገመድ ይሆናል፤ የመጨረሻውን ለማግኘት ሚሊዮኑን ሁሉ ማለፍ ግድ ይላል። በ1962 እ.ኤ.አ. ጆርጂ አደልሰን-ቬልስኪና ዬቭጌኒ ላንዲስ የተባሉ የሶቪየት የሒሳብ ሊቃውንት ለዚህ መላ አበጁ። ዛፉም ከስማቸው መነሻ ፊደላት ኤቪኤል ተባለ። እዚህ ዛፍ ላይ ሚሊዮን ቁጥር ቢኖርም ፍለጋው ከ29 እርምጃ አያልፍም።

ዘዴው በየቁጥሩ ላይ የግራውን ቁመት ከቀኙ ማወዳደር ነው። ከግራው ቁመት የቀኙን ስንቀንስ የሚገኘው የሚዛን ቁጥር 1፣ 0 ወይም -1 ከሆነ ደህና ነው። 2 ወይም -2 ከሆነ መዞር አለበት። ይህን ዛፍ እንይ፦

```
      30
     /  \
   20    40
  /  \
10    25
```

የ20 ሚዛን 0፣ የ30 ደግሞ 1 ነው። አሁን 5 ብናስገባ ከ10 በስተግራ ያርፋል። ከታች ወደ ላይ እየወጣን ስናሰላ 10 ላይ 1፣ 20 ላይ 1፣ 30 ላይ 2 እናገኛለን። ክብደቱ በሙሉ ወደ ግራ ስለሆነ አንድ ዙር ይበቃል፦ 20 ወደ ላይ ይወጣል፣ 30 በቀኙ ይወርዳል፣ ባለቤት ያጣው 25 ደግሞ የ30 ግራ ይሆናል። የ20ም የ30ም ሚዛን 0 ሆነ።

በ5 ፋንታ 22 ቢገባስ? ከ25 በስተግራ ይቀመጣል። 25 ላይ 1፣ 20 ላይ -1፣ 30 ላይ 2 ይሆናል። ብዙ ጀማሪ 2ን አይቶ ያንኑ ዙር ይደግማል። ውጤቱን እናስላው፦ 20 አናት ላይ ይወጣል፤ በግራው 10 ብቻ፣ በቀኙ ግን 25ንና 22ን የተሸከመው 30 አለ። ሚዛኑ -2! ዘንበል ያለው ዛፍ አልቀና፤ ጎኑን ብቻ ለወጠ።

ምልክቱ አስቀድሞ ታይቶ ነበር፦ የ30 ሚዛን ፖዘቲቭ፣ የ20 ግን ኔጋቲቭ ነው። ምልክቶቹ ሲለያዩ ሁለት ዙር ያስፈልጋል። መጀመሪያ 20ን ወደ ግራ እናዞራለን፤ 25 በቦታው ይወጣል፣ 22 ደግሞ የ20 ቀኝ ይሆናል። ቀጥሎ 30ን ወደ ቀኝ እናዞራለን፦

```
      25
     /  \
   20    30
  /  \     \
10    22    40
```

የ20 ሚዛን 0፣ የ30 -1፣ የ25 0 ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስናነበውም 10፣ 20፣ 22፣ 25፣ 30፣ 40 እያለ ተራውን ጠብቋል።

ኮድ ሲጻፍ በብዛት የሚያሳስተው የቁመት እድሳቱ ነው። ከዙሩ በኋላ መጀመሪያ ወደ ታች የወረዱት 20ና 30፣ ከዚያ 25 መታደስ አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ 25 ያረጀ ቁመት ይዞ ይቀርና ቀጣዩ ስሌት ይዛባል። በማስገባት ጊዜ ይህ ጥገና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይደረጋል፤ የተዞረው ክፍል ቁመት 22 ከመግባቱ በፊት ወደነበረው 3 ስለሚመለስ፣ ዛፉ ከ30 በላይ ሌላ ግንድ ቢኖረው እንኳ ለውጡ አይሰማውም። ቁጥር ሲሰረዝ ግን እንዲህ አይቀልም፤ ዙሩ ቁመቱን ሊያሳጥረው ስለሚችል እስከ ሥሩ ድረስ ደጋግሞ ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል።