የኔትወርኩ ጥፋት አልነበረም

ጠዋት ስልኳ ይጮኻል። እንደ ልማዷ አንስታ ወደ ግራ ጆሮዋ ታስጠጋዋለች። ዝም ነው። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም!» ብላ ትዘጋና ኔትወርኩን ትረግማለች። ሁለተኛ ሲደወል በግራ እጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ስለነበር በቀኝ ጆሮዋ ታዳምጣለች። የልጇ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል። ስልኩን ወደ ግራ ትመልሰዋለች፣ እንደገና ዝም።

ይህችን ሴት የ48 ዓመት፣ 62 ኪሎ የምትመዝን ባለሱቅ አድርገን እንያት። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳት ናት፤ ታሪኳን ግን የጆሮ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ማታ ደህና ሆና ተኝታ ጠዋት ግራ ጆሮዋ ድፍን ብሎባት ተነሳች። ውስጡ ጭው ይላል። ሕመም የለውም። አለማመሙ ነው ጉዱ፤ የጆሮ ሕመም ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት በሄደች።

እሷ ግን «ብርድ ነው» ትላለች። ጎረቤቷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታመጣላታለች። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት አሙቃ ጠብ ታደርግላታለች። በአራተኛው ቀን በቅርብ ያለ ክሊኒክ ትሄዳለች፤ የጆሮ ጠብታና አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት «ከሳምንት በኋላ ተመለሽ» ትባላለች። እንግዲህ አስራ አንድ ቀን ሊሞላ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም ክፉ ያሰበ የለም። ኩክ የሞላው ጆሮም፣ በጉንፋን ፈሳሽ የቋጠረ ጆሮም፣ ነርቩ የተጎዳ ጆሮም ለባለቤቱ የሚሰማው አንድ ዓይነት ስሜት ነው፤ «ተደፈነብኝ» ይላል።

ልዩነቱ ያለው ድምፁ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ኩክም ሆነ ፈሳሽ መንገድ ላይ የተደቀነ ድንጋይ ነው፤ ሲነሳ ድምፁ ያልፋል። በእኛ ባለሱቅ ላይ የደረሰው ግን ከታምቡሩ ወዲያ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለችው ኮክሊያ ወይም ከእሷ በሚነሳው ነርቭ ላይ ነው። ኮክሊያ ውስጥ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ድምፅን ወደ ነርቭ ምልክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው፤ ከሞቱ ደግሞ ሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ደም የምታመጣላቸው ቀጭን የደም ሥር ብትዘጋ የሚተካ ሌላ መንገድ የላቸውም። የደም ሥር መዘጋት፣ ቫይረስ፣ የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ መነሳት፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ። ከአስር ታካሚ በዘጠኙ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል።

ቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችል አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ደህናውን ጆሮ በጣት ድፈኑና አፍ ገጥማችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ ወደተደፈነው ጆሮ ይሄዳል፤ በአጥንት በኩል የገባው ድምፅ መውጫ ስለሚያጣ እዚያው ይጎላል። ኩክ ወይም ፈሳሽ የደፈነው ጆሮም እንደዚሁ ነው፤ ጣታችሁን አንስታችሁ «እምም» ስትሉ ድምፁ በታመመው በኩል ይበረታል። ድምፁ ታማሚውን ጥሎ ወደ ጤነኛው ጆሮ ከሸሸ ግን የሚጠረጠረው ነርቩ ነው። ሐኪሙም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፣ መሣሪያው ቱኒንግ ፎርክ የምትባል ባለ ሁለት ጣት ብረት መሆኗ ብቻ ነው፤ መታ አድርጎ እያንቀጠቀጠች ግንባር መሐል ያሳርፍና «በየት በኩል ሰማሽ?» ይላል። የቤቱ ሙከራ ለጥርጣሬ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቃም። «እምምታው» ደህና መስሎ ጆሮው ካልሰማም መታየት አለበት። ከመስማት እክሉ ጋር ፊት የሚጣመም፣ አንደበት የሚተሳሰር፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታይ ወይም እግር የማይቆም ከሆነ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ባለሱቋ በአስራ አንደኛው ቀን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ፊት ትቀርባለች። ጆሮዋ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ታምቡሩ ያበራል። ብረቷ ግንባሯ ላይ ስታርፍ «በቀኝ» ትላለች። ድምፅ በማይገባበት ክፍል ገብታ ስትለካ ቀኝ ጆሮዋ በ15 ዴሲቤል፣ ግራው በ70 ይሰማል። በአንድ ሜትር ርቀት የሚደረግ ተራ ወሬ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ በግራዋ በኩል የሰው ወሬ የለም ማለት ነው። ሐኪሞች ድንገተኛ የሚሉት በሦስት ቀን ጊዜ ውስጥ፣ ተከታታይ በሆኑ ሦስት የድምፅ ከፍታዎች ላይ ቢያንስ 30 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። የእሷ ከዚያም አልፏል።

የታዘዘላት ፕሬድኒሶሎን ነው። ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ሚሊግራም ሆኖ ከ60 አያልፍም። ባለ 5 ሚሊግራሙ ፍሬ ሲሆን አስራ ሁለት ፍሬ ባንድ ጠዋት ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ለሁለት ለሦስት ከፍሎ ይውጣል፣ ወይም ግማሹን ይተዋል። መድኃኒቱ ከሰባት እስከ አስራ አራት ቀን በሙሉ ልኩ ተወስዶ ከዚያ ቀስ በቀስ የሚቀነስ ነው። በራስ ሥልጣን ከፋርማሲ ገዝቶ የሚጀመርም አይደለም፤ ስኳርንና ደም ግፊትን ይሰቅላል፣ ጨጓራን ይጎዳል፣ የተደበቀ ቲቢን ይቀሰቅሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ስኳሩ ለሚያሰጋው ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ ሐኪሙ ታምቡሩን ካደነዘዘ በኋላ በቀጭን መርፌ ስቴሮይዱን ወደ መካከለኛው ጆሮ ይረጨዋል፣ መድኃኒቱ ከዚያ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ክኒኑ ላልሠራላቸውም ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞከራል።

ቀናቱ የሚቆጠሩት ለዚህ ነው። ክኒኑ ይጠቅማል ተብሎ የሚጠበቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲጀመር ነው፣ በቀደመም ቁጥር ይሻላል። እውነቱን ለመናገር የስቴሮይዱ ማስረጃ ራሱ በሐኪሞች ዘንድ ያከራክራል። አንዱ ምክንያት ምንም ሳይወስዱ ከሦስት ሰው ከአንዱ እስከ ሁለቱ በመጠኑም ቢሆን የሚሻላቸው መሆኑ ነው፤ ያውም አብዛኛው መሻል በእነዚያው ሁለት ሳምንታት ነው። የነጭ ሽንኩርቱ ዘይትም ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ሰዎች ይመስለኛል። ችግሩ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ጉዳቱ የከበደ፣ አዙሪት የተጨመረበት ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል።

ባለሱቋ ስትለካ ግራ ጆሮዋ ከ70 ወደ 35 ወጥቷል። ስልክ ትሰማለች። ገበያ መሐል ግን ወሬ ይደባለቅባታል፣ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ከየት በኩል እንደመጣ ለማወቅ ዞር ዞር ትላለች፤ የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው አእምሮ ሁለቱን ጆሮዎች አመዛዝኖ ስለሆነ። ሐኪሙ ግን የኤምአርአይ ወረቀት ይጽፍላታል። «ተሽሎኛል እኮ፣ ለምን ይህን ሁሉ ብር?» ትለዋለች። በመስማት ነርቭ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አለ። ከሚገኝባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ መጀመሪያ ወደ ሐኪም የሚመጡት እንዲህ ጆሯቸው በድንገት ሲደፈን ነው፤ ስቴሮይድ ሲወስዱም መስማታቸው ሊመለስ ይችላል። መሻሏ ዕጢ የለም ማለት ስላልሆነ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቀጠሮ ለመያዝ ትወጣለች።