በሆትስፖት ሲያዩ ዳታዎ በሰዓት ስንት ይሄዳል?

ቤትዎ ውስጥ ሌላ መስመር የለም፤ ቴሌቪዥኑም የልጆቹ ታብሌትም ኢንተርኔት የሚያገኙት ከእርስዎ ስልክ ሆትስፖት ነው እንበል። ቅዳሜ የገዙት ጥቅል እሑድ ማታ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠየቁት ልጆቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ዳታውን የሚጨርሰው ስንት ሰዓት እንደታየ ሳይሆን በምን ጥራት እንደታየ ነው።

ዩቲዩብ ላይ በ360p የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት 300 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ480p ግማሽ ጊጋባይት፣ በ720p አንድ ጊጋባይት ተኩል፣ በ1080p ደግሞ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ እንደ ኳስ ጨዋታ ብዙ እንቅስቃሴ ያለበት ምስል፣ ሰው ተቀምጦ ከሚያወራበት ፕሮግራም የበለጠ ይወስዳል።

እስቲ እናስላው። ቤተሰቡ በየማታው ሁለት ሰዓት ያያል፤ ጥቅሉም 10 ጊጋባይት ነው። በ1080p በማታ 6 ጊጋባይት ስለሚሄድ ጥቅሉ ሁለተኛውን ማታ አይጨርስም። በ480p ግን በማታ 1 ጊጋባይት ብቻ ስለሚሄድ አሥር ማታ ያደርሳል።

ታዲያ ጥራቱን ማን ከፍ አደረገው? ታብሌቱ ራሱ ነው። ከሆትስፖት ጋር የሚገናኘው በዋይፋይ ነው፤ ከጀርባው በጊጋባይት የሚከፈልበት ሲም ካርድ እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ያለ ገደብ ጥራቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ «በዋይፋይ ብቻ» የተባለውን የመተግበሪያ ማሻሻያና የፎቶ ምትኬም በዚያው ሊጀምር ይችላል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሳል። ታብሌቱ ላይ የዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ Video quality preferences የሚለውን ይክፈቱ። ሁለት ምርጫ ያገኛሉ፤ እርስዎ መቀየር ያለብዎት የሞባይል ኔትወርኩን ሳይሆን On Wi-Fi የሚለውን ነው። እሱን Data saver ያድርጉት። ከዚያ በአንድሮይድ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፍተው የራስዎን ሆትስፖት metered ብለው ይመዝግቡት፤ በአይፓድ ደግሞ Low Data Mode የሚለውን ያብሩ። ይህ ከጀርባ የሚወርደውን ብዙውን ነገር ይቀንሳል። ቴሌቪዥን ላይ ግን ቪዲዮው ሲጀምር የጥርስ ምልክቷን ተጭነው ጥራቱን ማየት ይልመዱ፤ የመረጡት ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ላይሻገር ይችላል።

መሥራቱን ለማወቅ ቀሪ ዳታዎን አይተው ይጻፉት፤ ግማሽ ሰዓት በ480p ካዩ በኋላ እንደገና ይመልከቱ። የቀነሰው 250 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ ተሳክቷል። አንድ ጊጋባይት ከሄደ ግን ወይ ጥራቱ ተመልሶ ከፍ ብሏል፣ ወይ ሌላ ዕቃ በጓዳ በኩል እየወሰደ ነው። ያን ጊዜ ስልክዎ ላይ የሆትስፖቱን ገጽ ከፍተው ስንት ዕቃ እንደተገናኘ ይቁጠሩ።