የባህል ልብስ ሱቅ ገጽና ወርኃዊ ክፍያው፦ የይዘት መርሐ ግብርና ሪፖርት በምን ይለካሉ?

በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሀገር ባህል ልብስ የሚሸጡ ሱቆች የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾቻቸውን በቋሚ ወርኃዊ ክፍያ ለአንድ ባለሙያ ቢሰጡ፣ ስምምነቱ በአብዛኛው የሚጻፈው በልጥፍ ብዛት ነው። በወር ይህን ያህል ፎቶግራፍ፣ ይህን ያህል ቪዲዮ፣ በወሩ መጨረሻ አንድ ሪፖርት ይባላል። ባለሱቁ ግን የሚፈልገው ትእዛዝ እንጂ ልጥፍ አይደለም። ሽያጩ ከገጹ ውጭ፣ በስልክ ወይም በሱቁ ውስጥ ስለሚፈጸም የገጹ ስታቲስቲክስ አይመዘግበውም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ክፍተት ላይ ሲሆን፣ ለጥምቀት የሚዘጋጅ አንድ ሱቅ እንደ ማሳያ ተወስዷል። ከዚህ በታች የሚገኙት የሱቁ ቁጥሮች ስሌቱን ለማስረዳት የቀረቡ ምሳሌዎች ናቸው።

የይዘት መርሐ ግብር የሚወጣው ከበዓሉ ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው የትእዛዝ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ጥለቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ በሸማኔው ዘንድ ሦስት ሳምንት፣ በሰፊው ዘንድ ደግሞ አንድ ሳምንት ይወስዳል እንበል። ደንበኛዋ ጥር 10 ለከተራ እንድትለብሰው ልብሱ ቢዘገይ ጥር 8 መድረስ አለበት። ከዚያ ሃያ ስምንት ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ታኅሣሥ 10 ይሆናል። ስለዚህ ትእዛዝ የሚያመጣ ልጥፍ መውጣት ያለበት ከኅዳር አጋማሽ በፊት ጀምሮ ነው። ይህ ወቅት ኅዳር 15 የሚገባውን የነቢያት ጾም ስለሚነካ ብዙዎች «ገበያው ቀዝቃዛ ነው» በማለት ገጹን ያሳርፉታል። ሆኖም ከጥምቀት በኋላ ለሚሠረጉ ሙሽሮችና ቤተ ዘመዶች ጭምር የሚታዘዘው በዚሁ ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሪፖርት አንባቢ ወሳኝ ነው። የቀሚስ ፎቶግራፍ በብዛት የሚታየውና የሚጋራው በበዓሉ ሳምንት ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ግን አዲስ ቀሚስ አሠርቶ ማድረስ አይቻልም። የጥር ሪፖርት የዓመቱን ከፍተኛ እይታ ሊያሳይ ይችላል፤ በሱቁ ደብተር ላይ ግን ከተዘጋጁ ነጠላዎች ሽያጭ በቀር የሚገኝ ነገር ላይኖር ይችላል። ሪፖርቱ በእይታ ብቻ ከተጻፈ ፍሬ ያስገኘው ኅዳር እንደ ድክመት፣ ጥር ደግሞ እንደ ስኬት ይነበባል።

ስለ ጊዜ ከተነሣ አንድ ቀላል የሚመስል ስሕተት መጠቀስ ይገባዋል። ባለሱቁ «ማታ ሁለት ሰዓት ይውጣ» ብሎ ሲያዝ፣ መሣሪያው የሚቀበለው 20:00 ነው። ጀማሪው 2:00 ብሎ ካስገባው ልጥፉ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ይወጣል። ስሕተቱ የሚታወቀው ለወትሮው በመጀመሪያው ሰዓት የሚመጣው ምላሽ ጠፍቶ፣ ንጋት ላይ በዝግታ ሲጀምር ነው። የወሩ አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። ክፍያው በኢትዮጵያ ወር ሲሆን የሜታ መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻዎቹን 28 ቀናት ያሳያል። ስለዚህ በየሪፖርቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ፣ ሁልጊዜ 30 ቀን ከ30 ቀን ጋር መወዳደር ይኖርበታል። ጳጉሜን በክፍያው ውስጥ መግባቷ አለመግባቷም በውሉ ካልተጻፈ በየዓመቱ ያጨቃጭቃል።

ተደራሽነት የተባለው መለኪያ ሌላ ወጥመድ አለው። የሚቆጥረው ልጥፉን ያዩ የተለያዩ መለያዎችን ስለሆነ የቀናቱ ቁጥር ሊደመር አይችልም። አንዲት ሴት በአራት ቀናት ገጹን ብታይ በዕለታዊው ድምር አራት ጊዜ፣ በወሩ ቁጥር ግን አንድ ጊዜ ትቆጠራለች። የ30 ቀናቱን ዕለታዊ ቁጥር ደምሮ 41,000 ሰው ደረስን የሚል ሪፖርት፣ እውነተኛው የወሩ ቁጥር 18,500 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ድምሩን የሠራው ሰው አታላይ ላይሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ታዲያ ገጹንና ደብተሩን የሚያገናኘው ምንድን ነው? ደንበኛን «የት አይተው መጡ?» ብሎ መጠየቅ ደካማ ዘዴ ነው፤ ብዙ ሰው አያስታውስም፣ ሻጩም በገበያ ሰዓት መጠየቁን ይዘነጋል። የተሻለው በየፎቶግራፉ ጥግ ላይ መለያ መጻፍ ነው። ያው ቀሚስ በቴሌግራም «ቴ-14»፣ በፌስቡክ «ፌ-14»፣ በቲክቶክ «ቲ-14» ተብሎ ይወጣል። ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልገውን ልብስ ስክሪንሾት አንሥታ ስለምትልክ ወይም ስልኳን ለሻጩ ስለምታሳይ፣ መለያው ሳትጠየቅ አብሯት ይመጣል። ሻጩ የሚጨምረው ሥራ በትእዛዝ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፦ መለያውና «ነባር» ወይም «አዲስ» ደንበኛ የሚለው።

አሁን ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 10 ያለውን 30 ቀን እንይ። በገጾቹ 96 ጥያቄዎች መጡ፤ ሱቁ በጠቅላላው 17 ትእዛዝ ተቀበለ፤ 11ዱ መለያ ነበራቸው። ከአንድ ቀሚስ የጥጥ፣ የሸማኔና የሰፊ ወጪ ተቀንሶ 1,400 ብር ይተርፋል፤ የገጹ ወርኃዊ ክፍያ 12,000 ብር ነው። 11 በ1,400 ሲባዛ 15,400 ብር ስለሚሆን ክፍያው የተመለሰ ይመስላል። ነገር ግን ከ11ዱ ስድስቱ ነባር ደንበኞች ናቸው፤ ገጹ ባይኖርም ሊመጡ ይችሉ ነበር። አዲሶቹ አምስቱ ያስገኙት 7,000 ብር ብቻ ነው። የገጹ እውነተኛ ድርሻ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ይገኛል፤ ሐቀኛ ሪፖርትም ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ክፍያውን የሚቀበለውና ሪፖርቱን የሚጽፈው አንድ ሰው በመሆኑ ትልቁን ብቻ የመጻፍ ፈተና አለ። ስለዚህ የደብተሩ ቆጠራ በባለሱቁ እጅ መቆየቱ ተገቢ ይመስለኛል።

ዘዴው ወሰን አለው። በቲክቶክ አይታ በቴሌግራም የጠየቀች ደንበኛ በቴሌግራም ብቻ ትመዘገባለች። ዋሽንግተን ያለች እኅት ፎቶግራፉን ለእናቷ ልካ እናትየው ሱቅ ሄዳ ካዘዘች፣ መለያው ቢገኝም ገጹን ያየችው ማን እንደሆነች አይታወቅም። ፎቶግራፉን የቆረጠ ሰው ደግሞ መለያውንም ይቆርጠዋል።

96 ጥያቄ ወደ 17 ትእዛዝ ለምን ወረደ የሚለውም መመርመር አለበት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ የጥያቄውን ቁጥር ያበዛል፤ ዋጋ ሰምቶ ዝም የሚለው ሰው ሁሉ በሪፖርቱ እንደ ፍላጎት ይቆጠራልና። ሁለተኛው ምክንያት የምላሽ መዘግየት ነው። ገጹን የያዘው ባለሙያ የሸማኔውን ወረፋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሻጭ ደግሞ የገጹ መልእክት አይደርሰውም። ስለዚህ ማን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚመልስ በውሉ ካልሰፈረ ጥያቄው በሁለቱ መካከል ይቀራል።

በውሉ ውስጥ የሚረሳው ሌላው ነጥብ ባለቤትነት ነው። ገጹ በባለሙያው የግል መለያ ተከፍቶ ባለሱቁ ሙሉ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ከሌለው፣ በተለያዩ ቀን ተከታዮቹም፣ የቆዩት መልእክቶችም፣ ለንጽጽር የሚያስፈልገው ያለፈው ዓመት ቁጥርም ከባለሙያው ጋር ይሄዳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለሱቁ በራሱ ስልክ ገብቶ ሥልጣኑን ማረጋገጥ አለበት። የቴሌግራም ቻናሉም በእርሱ ቁጥር መከፈት ይኖርበታል።