የጎደለው ዳቦ እና «ሰረቀ» የሚለው ቃል

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ አለ እንበል። የካፌው ዳቦ ቀለለ የሚል ወሬ ሲበዛ አንዲት ተማሪ የአቅርቦት ውሉን አግኝታ አነበበች፤ አንዱ ዳቦ 100 ግራም መሆን አለበት ይላል። ሦስት ቀን በተከታታይ ሃያ ሃያ ዳቦ ስትመዝን አማካዩ 78 ግራም ሆነ። ከዚያም «የካፌው ኃላፊ የተማሪውን ዳቦ ሰረቀ» ብላ ርዕስ ሰጠችው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2044 ላይ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ ስሙንና የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ንግግርም ሆነ ጽሑፍ ስም ማጥፋት ነው ይላል። «ልጎዳው አላሰብኩም» ማለት ብቻውን አያድንም። የኃላፊውን ስም አለመጥቀስም እንዲሁ፤ ካፌው አንድ ኃላፊ ብቻ ካለው ማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ቁጥር 2047 የጻፈው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳን ሰው ከተጠያቂነት ያወጣዋል፤ ዓላማው መጉዳት ብቻ ካልነበረ በቀር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የማስረዳቱ ሸክም የጸሐፊዋ ነው። ልጅቷ በእጇ ያለው ውሉ፣ የሚዛኑ ፎቶና ቀን የተጻፈበት ማስታወሻዋ ነው። እነዚህ ዳቦው መጉደሉን ያስረዳሉ። ማን እንዳጎደለው ግን አይናገሩም፤ ምናልባት ዳቦ ቤቱ ይሆናል። ስለዚህ ርዕሱ ከማስረጃዋ አልፎ ሄዷል። «ሰረቀ ይባላል» ብትለውም አይሻልም፤ ወሬውን አትማ ያሰራጨችው እሷ ናትና።

አስተያየትስ? ቁጥር 2046 ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ የሚሰጥ አስተያየት፣ ሰጪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ካልሆነ፣ ሰውን ቢያስወቅስም ስም ማጥፋት አይደለም ይላል። የተማሪው ምግብ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ዘርዝራ «ሳይመዝኑ መረከብ ግዴለሽነት ነው» ብትል፣ አንባቢው ፍሬ ነገሩን አይቶ ሊስማማ ወይም ሊቃወም ይችላል። «እኔ እንደሚመስለኝ ሌባ ነው» ግን አስተያየት መስሎ የቀረበ ክስ ነው። ስለ ኃላፊው ትዳር መጻፍም ከዳቦው ጋር አይገናኝም፤ ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ አይደለም።

እኔ አዘጋጅዋ ብሆን ርዕሱን «በውል 100 ግራም፣ በሚዛን 78» አደርገውና ከማተሜ በፊት ኃላፊውን ሄጄ እጠይቀው ነበር። ዳቦውን ማን ይመዝናል? ጉድለቱን ለአቅራቢው በጽሑፍ አሳውቋል? መልሱ ዜናውን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

ስህተቱ ታትሞ ከወጣ ደግሞ ቁጥር 2049 አለ። ጋዜጣው የመጉዳት ሐሳብም ከባድ ቸልተኝነትም ሳይኖርበት ከሆነ፣ ተበዳዩ ሲጠይቅም ወዲያው ቃሉን አንስቶ ይቅርታ ካተመ ከተጠያቂነት ሊድን ይችላል።