ከአዛን በፊት የሚገለጥ ዓይን

በሰንበቴ የእሁድ ገበያ እህል የሚነግድ አንድ ሰው በምሳሌ እናስብ። ለዓመታት የኖረበት ልማድ ማታ አራት ሰዓት ተኝቶ፣ የሱብሂ አዛን ሲሰማ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ግን ዓይኑ የሚገለጠው ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የቀሰቀሰው የለም፤ ውሻ አልጮኸም፣ ልጅ አላለቀሰም። ቢገላበጥ እንቅልፉ አይመለስም። በዱቤ ሰጥቶ የቀረበት ገንዘብና ድሮ የተረሳ ቅያሜ በጨለማው ውስጥ ገዝፈው ይመጡበታል። አዛኑን ሲሰማ ሰውነቱ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል፤ ረፋዱ ላይ ሰላም ያለውን ሰው መመለስ እንኳ ያታክተዋል። ወደ ማምሻው ግን ቀለል ይለዋል፣ እራት ላይ ደህና ሰው ይመስላል። ቤተሰቡ "ሐሳብ ነው፣ ያልፋል" ይለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከልማድ በጣም ቀድሞ መንቃትና ጠዋት ከብዶ ማታ የሚቀል ስሜት አብረው ሲመጡ፣ የድባቴ ሕመም ከምልክቶቹ በቀላሉ ሊጠየቅና ሊታወቅ የሚችለውን እየሰጠ ነው።

ድብርት ማንንም የሚነካ ስሜት ነው፤ ድባቴ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በአብዛኛው ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚቆይ ሕመም ነው። ዋና መለያዎቹ የስሜት መውደቅ ወይም ደስ ይል ከነበረ ነገር ሁሉ ደስታ ማጣት ናቸው፤ ከእነሱ ጋር እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ሐሳብን መሰብሰብ ይዛባሉ። እንቅልፉ በሁሉም ሰው ላይ በአንድ መልክ አይዛባም። አንዱ አልጋ ላይ ወጥቶ እንቅልፍ እስኪወስደው ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሌላው በየመካከሉ ይባንናል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሲተኛ ውሎ ሲተኛ ያድራል። ሐኪሞች በተለይ ልብ የሚሉት ከልማድ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀድሞ መንቃትን ነው፤ ይህ በጠዋት ከሚብስ ስሜት ጋር ሲጣመር ከድባቴ ዓይነቶች ጠንከር ወዳለው፣ ሰውነትን ጭምር ወደሚይዘው ይጠቁማል። የነጋዴያችን ንቃት በሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሟል። ቁጥሩ የሚለካው ከጎረቤት ሰዓት ሳይሆን ከራሱ ከሰውዬው የቀድሞ ልማድ ነው።

ሕመሙ የሌሊቱን መጨረሻ የሚመርጠው ለምንድን ነው? አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አስተሳሰብ እዚህ ይረዳናል። እንደ እሱ አባባል እንቅልፍን የሚመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን እየተጠራቀመ የሚሄድ የእንቅልፍ ጫና ነው፤ እንደተኛን ይራገፋል፣ በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ አብዛኛው ያልቃል። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ያለው የሰውነት ሰዓት ነው፤ ጫናው ካለቀ በኋላ እስኪነጋ ድረስ የሚያስተኛን እሱ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ያለው እንቅልፍ በተፈጥሮው ስስ ነው፤ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። በዚያው ሰዓት ሰውነት ለንጋት መሰናዳት ይጀምራል፦ ኮርቲሶል የተባለው አነቃቂ ሆርሞን ይጨምራል፣ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍም ይረዝማል። በከባድ ድባቴ በተያዙ ብዙ ሰዎች ላይ ኮርቲሶሉ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በጤናማ ሰው ከተኙ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ የሚጀምረው የሕልም እንቅልፍም ቀድሞ ይመጣል። ሌሊቱ ወደ ፊት የተሳበ ያህል ነው። ሰውዬው በሌሊት ዓይኑን የገለጠው ስላሰበ አይደለም፤ በአብዛኛው መጀመሪያ ይነቃል፣ ሐሳቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ "እንግዲያው እንቅልፍ ማጣቱ የሕመሙ ጥላ ነው፣ ሕመሙ ሲድን ይድናል፤ ለብቻው ምን ያስጨንቀናል?" ሊል ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም እንዲህ ያስቡ ነበር። ማስረጃው ግን መንገዱ የሁለት ወገን መሆኑን አሳየ። ድባቴ የሌለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በ2011 እ.ኤ.አ. በአንድ ላይ ሲመዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣት የጸናባቸው ሰዎች ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ለድባቴ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ከዚህ የሚጠነክረው በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመው ሙከራ ነው። እንቅልፍ ያጡ፣ ድባቴ ግን ያልነበረባቸው 291 አረጋውያን ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የእንቅልፍ ልማድን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ሲያገኙ ሌሎቹ ስለ እንቅልፍ ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ድባቴ የያዛቸው 12 በመቶ ሲሆኑ ከሁለተኞቹ ግን 26 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንቅልፉን ማከም ሕመሙን የሚያስቀር ከሆነ፣ እንቅልፍ ማጣት ጥላ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

አዙሪቱ በነጋዴያችን ቤት እንዴት እንደሚዞር እንመልከት። በስምንት ሰዓት ተኩል ስለሚነቃ የሚተኛው አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ድካሙን ለማካካስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መተኛት፣ ጠዋትም እስከ አንድ ሰዓት አልጋ ላይ መቆየት ይጀምራል። አሁን አልጋ ላይ የሚያሳልፈው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ተቆራርጦ የሚያገኘው እንቅልፍ ግን ከአምስት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ግማሹን ጊዜ በጨለማ ውስጥ ከሐሳቡ ጋር ስለሚያሳልፍ አልጋው ራሱ የመብሰልሰያ ቦታ ይሆናል። ቀድሞ ስለሚተኛ የእንቅልፍ ጫናው ሳይጠራቀም ይቀራል፤ ስለዚህ የበለጠ ቀድሞ ይነቃል። ጠዋት አልጋ ላይ ሲቀር ደግሞ የሰውነት ሰዓትን የሚያስተካክለው የንጋት ብርሃን፣ ስሜትን የሚያነሳው ሥራና ሰውም ይቀሩበታል። ከሰዓት በኋላ ለመንቃት ጫት ቢቅም ምርቃናው የማታውን እንቅልፍ ይገፋል፤ በማግስቱ የሚመጣው ሐራራ የጠዋቱን ክብደት ያብሰዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፣ ተደምሮ ግን ሕመሙን ይመግባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህላችን ይመጣል፤ እሱም ትክክለኛ ነው። በሌሊት መነሳት በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ለተሃጁድ የሚነሳ አለ፣ ለማሕሌት የሚሄድ አለ፣ በረመዳን ለሱሁር ቤቱ ሁሉ ይነሳል። ዕድሜ ሲገፋም ሰው ቀድሞ ይተኛል፣ ቀድሞ ይነሳል። ልዩነቱ ያለው በፈቃድና በማግስቱ ውሎ ላይ ነው። ለጸሎት የተነሳ ሰው ፈልጎ ነው የተነሳው፤ ሲመለስ ሊተኛ ይችላል፣ ቀኑም አይጨልምበትም። ደጋግሞ ለሽንት መነሳት፣ ስኳር፣ የሚጠዘጥዝ ሕመም፣ የሚያስል በሽታ ወይም ማታ የተጠጣ መጠጥም እንቅልፍ ያቋርጣሉ፤ ጤና ባለሙያ መጀመሪያ እነዚህን ይጠይቃል። የንቃቱ ሰዓት ብቻውን ሕመም አያስብልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ "ሰው ቤቱ ተቃጥሎ፣ ዘመዱ ሞቶ፣ እንዴት ይተኛ?" በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው የደረሰውን፣ በማግስቱ ዓመትም ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ሲደርስ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አያልፈውም። ሐዘን ሕመም አይደለም፤ ያዘነን ሁሉ በሽተኛ ማለትም ስህተት ነው። ሐዘን ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ከዘመድ ጋር ሲጫወት ፈገግ ይላል። በድባቴ ደስታው በደፈናው ይጠፋል፣ ራስን መውቀስና ዋጋ ቢስነት ይሰፍናል። ደግሞም ምክንያቱ መታወቁ ሕክምናውን አያስቀረውም። እግሩ በግጭት የተሰበረ ሰው "ምክንያቱ ግልጽ ነው" ተብሎ ሳይታሰር አይተውም። ችግሩ በጤና ጣቢያ ሰዎች "አዝኛለሁ" ብለው አለመምጣታቸው ነው፤ የሚሉት ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ ነው። በኢትዮጵያ በጥናት የተፈተሸውና ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መለኪያ ከጥያቄዎቹ አንዱን ለእንቅልፍ የሰጠው በከንቱ አይደለም። እንቅልፍ የማያሳፍር በር ነው፤ በእሱ ገብቶ ስለ ስሜት መጠየቅ ይቻላል።

ሕክምናው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ፋርማሲ ሄዶ የሚጠይቀው እንደ ዲያዜፓም ያለ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ለጥቂት ሌሊት ያስተኛል፣ ድባቴውን ግን አያክምም፤ በሳምንታት ውስጥም ሰውነት ይለምደዋል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች በሌላ መንገድ ይሠራሉ፤ ለውጣቸው በደንብ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ሰውዬው ከተሻለው በኋላም ወራት ይቀጥላሉ። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብለው የሚያቆሙት ይህን ስላልሰሙ ነው። ለእንቅልፉ ደግሞ የአልጋ ሰዓትን ማሳጠር አለ። ነጋዴያችን አምስት ሰዓት ተኩል የሚተኛ ከሆነ፣ የመነሻ ሰዓቱ አሥራ አንድ ላይ ይጸናል፣ መተኛው ወደ ማታ አምስት ሰዓት ተኩል ይገፋል። አልጋ ላይ ካለበት ጊዜ 85 በመቶውን መተኛት ሲችል በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። ይህ ግን በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ነው። ቀደም ሲል ያለ እንቅልፍ ቀናት ጉልበት የተረፈው፣ ንግግሩ የፈጠነ፣ ገንዘቡን የበተነ ሰው ሌላ ዓይነት የስሜት ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ እንቅልፍ ማሳጠርም የድባቴ መድኃኒትም ብቻውን ሊያባብሰው ስለሚችል ይህ ታሪክ ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረት የለበትም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም መኪና የሚነዳ ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ይናገር።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃው ጊዜ ንቃቱና የስሜቱ ክብደት ሁለት ሳምንት ሲሞላው፣ ወይም ሥራና ቤት መበደል ሲጀምሩ ነው። ጤና ጣቢያው ከከበደው ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ሁለት ሳምንት የማይጠበቅበት ጊዜም አለ፦ "ባልነቃ ይሻለኛል" የሚል፣ ሞትን የሚመኝ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ያሰበ፣ እህል ውሃ ያቆመ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው በዚያው ቀን መታየት አለበት። እስኪታይ ድረስ ብቻውን አይተው፤ ኪኒንና የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ ከቤት ይውጣ። ስለ ሞት ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ በብዙ ጥናት የታየው ይህ ነው። በስምንት ሰዓት ተኩል ለብቻው ነቅቶ የሚያድረው ሰው ደግሞ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ካገኘ፣ ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው እፎይ ብሎ ነው።

ስለዚህ ነጋዴያችን ጤና ጣቢያ ሲገባ "እንቅልፍ አጣሁ" ብቻ አይበል። በስንት ሰዓት እንደሚነቃና ድሮ በስንት ሰዓት ይነቃ እንደነበር፣ ቀኑ የሚከብደው ጠዋት ይሁን ማታ፣ ከጀመረውም ስንት ሳምንት እንደሆነው ይናገር። እነዚህ ሦስት መልሶች የእንቅልፍ ኪኒን ይዞ በሚመለስ ሰውና ሕመሙ ታውቆለት በሚመለስ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሊሆኑ ይችላሉ።