«ያለቀው ገብቷል»፦ አንዲት ማስታወቂያና የቀብዱ ነገር

በቴሌግራም ጫማ የሚሸጡ ነጋዴዎች ያለቀ ዕቃ ተመልሶ ሲገባላቸው ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ፎቶ ፈልገው «አልቋል» የሚለውን ያጠፉና «ገብቷል» ብለው ያርሙታል። ችግሩ የታረመ ጽሑፍ ለተከታዮች አዲስ መልእክት ሆኖ አይደርስም፤ ከተለጠፈበት ቦታም ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዕቃው ሲገባ እንደ አዲስ መለጠፍ አለበት።

ከፎቶው ሥር የሚገባው ጽሑፍ ግን ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ፦

«ያለቀው ጥቁር የቆዳ ጫማ ገብቷል። 38 ቁጥር ሁለት፣ 39 አራት፣ 40 አንድ ጥንድ ብቻ። ዋጋ 3,200 ብር። የሚፈልጉትን የጫማ ቁጥር በውስጥ መስመር ይላኩልን። ‹አለ› ካልንዎት በኋላ 500 ብር ቀብድ በቴሌብር ያስገቡ፤ እስከ ነገ ምሽት 12 ሰዓት ይቆይልዎታል።»

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። «አለ» ሳይባል ቀብድ ከተጠየቀ ለአንዷ 40 ቁጥር ሦስት ሰው ብር ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ብር መመለስና ይቅርታ መጠየቅ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ለጻፈው «አለ» ይላል፤ ለሁለተኛው ደግሞ «ተይዟል፣ ቀብዱ ካልገባ እነግርዎታለሁ» ብሎ ስሙን ይይዛል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ልማድም በዚህ ሰዓት ጣጣ ነው። የሚገዛውም ዋጋ ብቻ የሚጠይቀውም አንድ ላይ ይሰለፉና የሚገዛው ሰው መልስ ሲጠብቅ ይመሻል።

ቀብዱ መግባቱ የሚረጋገጠው ደንበኛው በላከው የስክሪን ፎቶ አይደለም፤ እሱ በቀላሉ ይቀነባበራል። ሻጩ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ የገንዘቡን መጠንና የግብይት ቁጥሩን ማየት አለበት።

ደንበኛው ቀርቶ ቢጠፋስ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለው አለው። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሻጭ የሚያውቀው አይመስለኝም። 500 ብር ተቀብሎ ጫማውን ዋጋ ለጨመረለት ሰው የሰጠ ነጋዴ 1,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ሻጩ ሌላ ደንብ ካለው፣ ለምሳሌ ቁጥሩ ካልሆነ ቀብዱን የሚመልስ ከሆነ፣ ደንበኛው ብሩን ከማስገባቱ በፊት እንዲያየው እዚያው ከዋጋው ቀጥሎ ይጻፈው።

40 ቁጥሯ ስትያዝ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ «40 ተይዟል» ብሎ ማረም ይበቃል፤ ለዚህ አዲስ መለጠፍ አያስፈልግም።